ከርከሮው ወድቆ ለምን ተነሳ? የ«ጣይ ጥይት» ወሬና ትክክለኛው አተኳኮስ

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የሚያውቁ ሰዎች ከተሰበሰቡ አንድ ክርክር አይቀርም። አንዱ «ውጅግራ የመታው አይነሳም» ይላል። ሌላው ቤልጅጉን ያነሳል። ወጣቱ በክላሹ ይምላል። ክርክሩ ሲጠቃለል ያው ነው፦ እንስሳን አንስቶ የሚጥለው የትኛው ጥይት ነው?

አንስቶ የሚጥል ጥይት የለም። በትከሻ ተይዞ የሚተኮስ ጠመንጃ ከርከሮን በግፊት ብቻ መጣል አይችልም። እንስሳ የሚወድቀው ወይ አንጎሉ ወይም አከርካሪው ሲመታ ነው፣ ወይም ደሙ ፈስሶ አንጎሉ ኦክስጅን ሲያጣ ነው። ይህን የማያውቅ አዳኝ ከተኮሰ በኋላ ያየውን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉማል። የቆሰለ እንስሳ ጥሻ ውስጥ የሚቀረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ የማወራው ስለ አንድ እንስሳ ብቻ ነው፤ ስለ ከርከሮ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ባሉት ቆላዎች የበቆሎና የማሽላ ማሳ የሚገባውን ማለቴ ነው። ከርከሮን የመረጥኩት ሥጋው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ስለማይበላ ነው። ድኩላ ቢቆስል ለሥጋው ሲባል ይፈለጋል። የቆሰለ ከርከሮን ግን የሚከተለው ሰው የለም። «ሄዶ ይሞታል» ተብሎ ይተዋል። እሱ ደግሞ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ማግስቱን ሣር ልታጭድ የሄደችውን ልጅም በክራንቻው ሊዘነጥላት ይችላል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ

የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። «ሰብሌን ስለበላ» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ጉዳቱን ለቀበሌና ለወረዳ አመልክት፤ የሚመለከተው አካል ይወስናል። መሣሪያውም በአዋጅ 1177/2012 መሠረት የተፈቀደና የተመዘገበ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ካልተሟላህ ቀሪውን ለዕውቀት ብቻ አንብበው።

አንደኛ፦ ሂሳቡን በወረቀት ሥራ

ሁለት ነገር ታሰላለህ፤ ጉልበትንና ሞመንተምን። ጉልበት በጁል የሚለካው ነው። ሞመንተም ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ክብደት በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
E = ½ × m × v²
p = m × v
```

m የዓረሩ ክብደት በኪሎ ግራም፣ v ደግሞ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ነው። የቀለሁና የባሩዱ ክብደት አይገባም፤ የሚበረው ዓረሩ ብቻ ነው።

የቤልጅግ 7.92 ሚሊ ሜትር ከባዱ ዓረር 12.8 ግራም ያህል ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 760 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጉልበቱ 3,700 ጁል፣ ሞመንተሙ 9.7 ይሆናል። የድሮው ውጅግራ ዓረር 25 ግራም ነው፤ ሁለት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ፍጥነቱ ግን 455 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጉልበቱ 2,600 ጁል አካባቢ ይሆንና ከቤልጅጉ ያንሳል። ሞመንተሙ ደግሞ 11.4 ሆኖ ይበልጣል። የክላሹ 7.9 ግራም በ715 ሜትር ፍጥነት 2,000 ጁልና 5.6 ይሰጣል።

እንግዲህ በጉልበት ከሆነ ቤልጅጉ አሸነፈ። በሞመንተም ከሆነ ውጅግራው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን ቢከራከሩ የማይግባቡት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ለራሱ ጠመንጃ የሚስማማውን ቁጥር ይዟል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንየው። 80 ኪሎ የሚመዝን ከርከሮ የቤልጅጉን ዓረር ሰውነቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢያስቀረው በምን ያህል ፍጥነት ይገፋል? 9.7ን ለ80 አካፍል። በሰከንድ 12 ሳንቲሜትር ይወጣል። ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ እንኳ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከርከሮው ይህን ግፊት ልብ ብሎ የሚያውቀው አይመስለኝም። በዚያ ላይ ዓረሩ በአብዛኛው በስቶ ስለሚወጣ የሚገፋው ከዚህም ያነሰ ነው።

ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ እሱን ለማየት ደግሞ ወረቀት አያስፈልግም። ዓረሩ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመታል። የሰደፉ ምት የዓረሩን ሞመንተምና የባሩዱን ጭስ ሞመንተም አንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ ትከሻህ የሚቀበለው ሞመንተም ከርከሮው ከሚቀበለው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ጥይቱ እሱን አንስቶ የሚጥል ቢሆን ኖሮ አንተንም ይጥልህ ነበር።

ጉልበትስ? 3,700 ጁል ብዙ ይመስላል። አንድ ኩንታል እህል ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ግን ጉልበት በራሱ አይገድልም። ጥያቄው የት ዋለ የሚለው ነው። በስቶ ወጥቶ ከኋላ ያለው አፈር ውስጥ ከቀረ፣ አብዛኛውን የተቀበለው አፈሩ ነው። የዘመናዊ የአደን ቀስት ፍላጻ 100 ጁል ገደማ ብቻ ይዞ ትልቅ እንስሳ ይገድላል፤ ሳንባ ውስጥ አልፎ የደም ሥር ስለሚቆርጥ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ለየተገቢ ሥራቸው ተጠቀምባቸው። ሞመንተም ከዓረሩ ቅርጽና ጥንካሬ ጋር ሆኖ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ይጠቁምሃል። ጉልበት ደግሞ ዓረሩ ለመከፈትና በዙሪያው ያለውን ሥጋ ለመቅደድ ምን ያህል አቅም እንዳለው ይነግርሃል። የቱም ቢሆን ዓረሩ የት እንዳረፈ አይነግርህም።

ሁለተኛ፦ ዓረሩን እይ

ከጠመንጃው ስም ይልቅ የዓረሩ አሠራር ይበልጣል። የወታደር ጥይት ዓረር እስከ አፍንጫው ድረስ በጠንካራ ብረት የተለበሰ ነው። የ1899 የሄግ ስምምነት ሰው ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚከፈት ዓረር በጦርነት እንዳይውል ከልክሏል። የወታደር ጥይት በአብዛኛው ልብሱ ሙሉ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአደን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንስሳው ቶሎ እንዲሞት የሚፈለገው አፍንጫው ላይ እርሳሱ የተገለጠ፣ ሲገባ እንደ እንጉዳይ የሚከፈት ዓረር ነው። በብዙ አገሮች ልብሰ ሙሉ ዓረር ለትልልቅ የዱር እንስሳት አደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ክላሽ የአደን መሣሪያ አይደለም። ሁሉም ስለሚያውቀው ብቻ ለምሳሌ ላንሳው። የብረት እምብርት ያለው የድሮው የክላሽ ዓረር ሥጋ ውስጥ ወደ 25 ሳንቲሜትር ያህል አፍንጫውን አስቀድሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው መዞር የሚጀምረው። የከርከሮ ደረት ስፋት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። መዞር ሳይጀምር በሌላው ጎን ይወጣል ማለት ነው። ቀዳዳው ጠባብ፣ ደሙም ትንሽ ይሆናል። «በክላሽ መታሁት፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ከዚህ ይመጣል። ከርከሮው ግን ሆኗል። አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ሰው በማያየው ቦታ።

የሚከፈት ዓረር ካላገኘህ የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ተኩሱን ተው፣ ማሳውን በአጥርና በጥበቃ ያዝ። ፈቃድ ሰጪው አካል ከነልብሰ ሙሉው ተኩስ ካለህ ደግሞ ከታች የማወራው ስለ ርቀትና ስለ አቋም ለአንተ ሁለት እጥፍ ጥብቅ ነው።

ሦስተኛ፦ የራስህን ርቀት በወረቀት ፈልግ

የከርከሮ ልብና ሳንባ ላይ ለመተኮስ የምታገኘው ቦታ ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ያን ያህል ክብ ሥራ። ሕግ በፈቀደው የተኩስ ቦታ፣ በአደን ጊዜ በምትቀመጥበት አቀማመጥ ተኩስ። አሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፈህ ከሆነ ጠመንጃውን እንጂ አንተን አልፈተንክም። ከ50 ሜትር ጀምር። አምስቱም ጥይት ክቡ ውስጥ ካረፉ ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 100 ራቅ። አንዱ መውጣት የጀመረበት ርቀት አይሆንህም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ነው የአንተ ርቀት።

ወረቀቱን ስታነሳ ቀዳዳዎቹን ተመልከት። ክብ መሆን አለባቸው። ሞላላ ከሆኑ ዓረሩ በጎኑ እየተገለበጠ ነው የሚሄደው። የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ባለቀባቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ይህ ይታያል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ያምራል። ለአደን ግን አይሆንም።

ርቀት ሲጨምር ምን እንደሚሆንም ከቀመሩ ታያለህ። ዓረሩ ከፍጥነቱ ሦስት አሥረኛውን ካጣ ሞመንተሙም ሦስት አሥረኛ ይቀንሳል። ጉልበቱ ግን በግማሽ ይወርዳል፤ ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ። የሚከፈተውም ዓረር ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሲሆን ሳይከፈት ያልፋል።

አራተኛ፦ ቦታውን እወቅ

ከርከሮ አታላይ ቅርጽ አለው። ጀርባው ላይ ረጅም ጋማ አለ። ከትከሻው በላይ ያለው የአከርካሪ አጥንትም ወደ ላይ የተዘረጉ ረጃጅም እሾሆች አሉት። ዓይንህ ጋማውን እንደ ሰውነት ይቆጥረዋል። ከዚያ መሐሉን ያነጣጠርክ መስሎህ ከፍ ብለህ ትመታለህ። ልቡ ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ወርቾች መሐል፣ ከፍርምባው ብዙም ሳይርቅ ነው ያለው።

አነጣጠሩ ይህ ነው። እንስሳው በጎኑ ሲቆም የፊት ወርቹን ይዘህ በዓይንህ ወደ ላይ ውጣ። ጋማውን አትቁጠር። ከደረቱ ግርጌ ጀምረህ የሰውነቱ ቁመት አንድ ሦስተኛ ላይ ስትደርስ ቁም። ዓረሩ እዚያ ከገባ የልቡን አናት፣ ከልብ የሚወጡትን ትልልቅ የደም ሥሮችና ሁለቱንም ሳንባ ያገኛል። ትንሽ ብትስት እንኳ ወደ ላይ ሳንባ፣ ወደ ፊት የትከሻ አጥንት አለ። ወደ ኋላ ከሳትክ ግን ጉበትና ፈርስ ነው። ስለዚህ «ከወርቹ ኋላ በል» የሚለውን ምክር ለከርከሮ አልወደውም።

ጭንቅላት አትተኩስ። የከርከሮ ፊት ሰፊ ነው፣ አንጎሉ ግን ትንሽና ከኋላ የተደበቀ ነው። በዚያ ላይ ሲበላ ጭንቅላቱ አያርፍም። መንጋጋው የተሰበረ ከርከሮ ወዲያው አይሞትም፤ በረሃብ ነው የሚያልቀው። ከኋላ በታፋው በኩልም አትተኩስ።

«ታላላቆቹ አዳኞችስ ዝሆን በአናቱ ይሉት አልነበር?» የሚል አይጠፋም። ይሉት ነበር። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፍሪካ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል፤ አብዛኞቹን በትንሹ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር። የዓረሩ ጉልበት ለዝሆን ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ሰውዬው ግን የሞቱትን ዝሆኖች ጭንቅላት እየሰነጠቀ አንጎላቸው የት እንዳለ ከየአቅጣጫው አጥንቶ ነበር። በዝሆኖቹ ማለቅ የማዝን ብሆንም ስለ ጥይት ያስተማረውን አልክድም። ያን ጥናት ያላደረገ ሰው ደረት ላይ ይቆይ።

አምስተኛ፦ አቋሙን ጠብቅ

ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው። ማሳ የሚገባው ጧትና ወደ ማታ ነው። ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ያድራል። ሌሊት በቆሎህን የሚያጠፋው ምናልባት ጃርት ነው፤ በጨለማ ጥላ ላይ አትተኩስ።

የጥበቃ ማማ ካለ ከዚያ ላይ መሆን ጥሩ ነው። ከላይ ወደ ታች የተተኮሰ ዓረር እንስሳውን በስቶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከመሬት በአግድም የተተኮሰ ግን በጣም ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ዓባይ በረሃ ውስጥ ማዶው ተዳፋት ላይ ሁልጊዜ እረኛ አለ። ከኋላው አፈር ካላየህ ቃታውን አትንካ።

ከማማ ላይ ስትተኩስ መግቢያው ሳይሆን መውጫው ላይ አስብ። ዓረሩ በማዶው ወርች ብብት በኩል እንዲወጣ አድርገህ አልም። መግቢያው ከተለመደው ትንሽ ከፍ ይላል፤ መንገዱ ግን ልቡን ያገኛል። እንስሳው ፊቱን ትንሽ ወደ ማዶ አዙሮ ሰያፍ ከቆመም ዘዴው ያው ነው፤ የማዶውን ወርች አልም። ወደ አንተ ፊቱን ከሰጠ ጠብቅ። በሩጫ ላይ ከሆነም ተወው። ነገ ይመለሳል፤ በቆሎው እኮ የትም አይሄድም።

ስድስተኛ፦ ተኩሰህ ያየኸውን አንብብ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ጉዳይ ላንሳ። ከማሳ ዳር፣ ከማማ ላይ፣ 70 ሜትር ገደማ ርቀት። ወንድ ከርከሮ በጎኑ ቆሟል። ወጣቱ ተኮሰ። ከርከሮው አራት እግሩን ወደ ላይ ሰጥቶ እዚያው ዘጭ አለ። ወጣቱ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ፉከራ ጀመረ። ከጎኑ የነበሩት ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

«ድገመው!» አሉት።

«አያ፣ ሞቷል እኮ! አንስቶ ነው የጣለው።»

«ድገመው አልኩህ!»

ልጁ መቀርቀሪያውን ሲጎትት ከርከሮው ተገላበጠ። ተነሳ። ጭራውን አቁሞ ሰንበሌጡ ውስጥ ገባ።

እንስሳው የነበረበት ቦታ ሲታይ ነገሩ ሁሉ ተጽፏል። የበቆሎ ቅጠል ላይ ጥቁር፣ ረጅም፣ ሻካራ ፀጉር እፍኝ ያህል ተበትኗል። ጫፉ በስለት የተቆረጠ ይመስላል። የጋማ ፀጉር ነው። ደሙ ጥቂት ጠብታ፣ ደማቅ ቀይ፣ አረፋ የሌለው። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጠብታው ተራራቀ፤ ከዚያ ቆመ።

ዓረሩ ከትከሻው በላይ ባሉት የአከርካሪ እሾሆች መሐል አልፏል። ሲያልፍ የፈጠረው ንዝረት አከርካሪውን ለቅጽበት አደነዘዘው፤ እግሮቹ ከዱት፤ ወደቀ። ድንዛዜው ሲለቀው ተነሳ። «አንስቶ ጣለው» የሚባለው ተረት ትልቁ ምንጭ ይህ ውድቀት ነው። አዳኙ የወደቀውን ያያል፣ ጠመንጃውን ያሞግሳል። ሲነሳ ደግሞ «ጥይቱ ያረጀ ነው» ይላል። ጥይቱ ምንም አልሆነም። ከፍ ብሎ ተተኮሰ።

ተቃራኒውን ደግሞ እይ። ልቡ የተመታ ከርከሮ ብዙ ጊዜ ይዘልላል፣ ወይም ወደ ፊት ያጎነብስና ይፈተለካል። ልቡ ቢቀደድም አንጎሉ ውስጥ ለ10 እስከ 15 ሰከንድ የሚበቃ ኦክስጅን አለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ በ10 ሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሞቶ ነው የሚሮጠው። ይህን የማያውቅ ሰው «ሳትኩት» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከርከሮው ግን ብዙም ሳይርቅ ወድቋል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ይሁን። ወዲያው የወደቀውን ተጠራጠር፤ ሌላ ጥይት አስገብተህ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ዓይንህን ሳትነቅል ቆይ። ጭንቅላቱን ካነሳ ወዲያው ድገመው። የሮጠውን ደግሞ ሁልጊዜ እንደተመታ ቁጠረው። የቆመበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ያየህበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ለይተህ ያዝ። ከማማ ላይ ሆነህ ግልጽ የሚመስለው ቦታ ስትወርድ ይጠፋሃል።

ሰባተኛ፦ ደሙን አይተህ ጠብቅ

የተመታበት ቦታ ላይ ቀስ ብለህ ሂድ፤ ዱካውን አትርገጥ። ደሙ ሮዝ መልክ ኖሮት አረፋ ካለው ሳንባ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ተከተል፤ ቅርብ ታገኘዋለህ። ጥቁር ቀይ ሆኖ አረፋ ከሌለው ጉበት ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቅ። አረንጓዴ ነገር፣ የታኘከ ሣር ወይም የፈርስ ሽታ ካለ ሆዱ ተመቷል። ይሄ ከባዱ ነው። ቶሎ ከተከተልከው ተነስቶ ሩቅ ይሄዳል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ከተተወ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በተኛበት ይገኛል።

ችግሩ ወደ ማታ የተመታ እንደሆነ ነው። ጠብቀህ ጧት ብትሄድ ጅብ ቀድሞህ ሊሆን ይችላል። በጨለማ ጥሻ ውስጥ የቆሰለ ከርከሮ መከተል ደግሞ እብደት ነው። ስለዚህ ለመተኮስ ጧትን እመርጣለሁ፤ ቀኑ ሙሉ ከፊትህ ነው።

የጋማ ፀጉርና ጥቂት ደማቅ ደም ካየህ፣ እንደ ወጣቱ ማለት ነው፣ መጠበቅ አይረዳህም። ቁስሉ የሚገድለው አይደለም። ዕድል ካለህ ሁለተኛ ተኩስ ለማግኘት ወዲያው ተከተል፤ ግን ብቻህን አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የቆሰለ ከርከሮ ጉድጓድ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ የቆፈረውን። ሲገባ ደግሞ በኋላው ነው የሚገባው፤ ክራንቻው ወደ በሩ ይሆናል። ደሙ ጉድጓድ አፍ ላይ ካለቀ ጎንበስ ብለህ ወደ ውስጥ አትይ። እጅ ማስገባት፣ በበትር መጎርጎር፣ ውሻ መስደድ አያስፈልግም። ከጉድጓዱ ፊት ለፊትም አትቁም። በጎን ራቅ ብለህ፣ ከላይ በኩል ጠብቅ።

የወደቀውን ስታገኘው ከኋላው ቅረብ። ዓይኑን በረጅም እንጨት ጫፍ ንካ። ካርገበገበ አልሞተም፤ ራቅ ብለህ አንድ ተጨማሪ ደረቱ ላይ ተኩስ። እዚህ ላይ ጥይት መቆጠብ ነውር ነው።

ስምንተኛ፦ ክፈተውና እይ

ሥጋው ባይበላም ሬሳውን ሳታይ አትቅበር። ጓንት አድርግ። በገባበት በኩል ያለውን ጎድን ገልጠህ መንገዱን ተከተል። ሳንባው ምን ያህል ተቀዷል? ዓረሩ ተከፍቷል ወይስ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ሠርቷል? በማዶ ወጥቷል? መግቢያው ካለምክበት ነጥብ ስንት ጣት ርቋል? ጻፈው። ከሌላ እንስሳ ጋር ስታወዳድረው አንድ ነገር ታያለህ፤ የሮጡበት ርቀት ከጠመንጃው ስም ይልቅ ከተቀደደው ሳንባና የደም ሥር ጋር አብሮ ይሄዳል።

መግቢያው ካለምክበት ከአራት ጣት በላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ጥይት አትቀይር። ወደ ወረቀቱ ተመለስ። ከተመሳሳይ ማማ፣ በተመሳሳይ ርቀት፣ ወደ ታች ተኩሰህ ሞክር፤ ቁልቁል ሲተኮስ ዓረሩ ከለመድከው ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። ስህተቱ ወረቀቱ ላይ ከተደገመ ማነጣጠሪያውን አስተካክል። ካልተደገመ ጋማውን እንደ ጀርባ ቆጥረኸዋል ማለት ነው።